ሌሊት ቴርሞስታቱ ስንት ላይ ይደር?

አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ካለ ስለ ቴርሞስታት ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ ከመተኛቱ በፊት ዝቅ ያደርገዋል። ሌላው ሌሊት ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ በጨለማ ዳብሶ ከፍ ያደርገዋል። ሲነጋ አንዱ በላብ፣ ሌላው በብርድ እንቅልፉን አጥቶ ይነሳል። ሒሳቡን ግን አብረው ይከፍላሉ።

ጭቅጭቁ የማያልቀው ሁለት ጥያቄ ተደባልቆበት ነው። አንዱ የሰውነት ጥያቄ ነው፤ ሰው ስንት ዲግሪ ላይ ጥሩ እንቅልፍ ይተኛል? ሌላው የቤት ጥያቄ ነው፤ ስንት ዲግሪ ላይ ኃይል ይቆጠባል? በብርድ ወቅት የሁለቱ መልስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ዝቅ ማድረግ ለእንቅልፍም ለኪስም ይበጃል። በሙቀት ወቅት ግን ሁለቱ ይጣላሉ። ሰውነት ቀዝቃዛ ክፍል ይፈልጋል፣ ኤሲው ደግሞ ለእያንዳንዷ ዲግሪ ያስከፍላል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። መጀመሪያ ሰውነታችንን እንይ።

ለመተኛት ሰውነት መቀዝቀዝ አለበት

ቀን ላይ የውስጥ አካላችን ሙቀት 37 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሲመሽ ሰውነት ራሱ ይህን ቁጥር ቀስ እያለ ያወርደዋል። ሌሊቱን እየወረደ ሄዶ፣ ከመንቃታችን ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የመጨረሻው ዝቅታ ላይ ይደርሳል። ብዙ ሰው ላይ ይህ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ልዩነቱ ቢበዛ 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ትኩሳት ሲይዘን 1 ዲግሪ ምን እንደሚያደርገን እናውቃለን።

ይህ ሙቀት በሆነ በር መውጣት አለበት። ዋናዎቹ በሮች እጅና እግር ናቸው። እንቅልፍ ሲቃረብ በመዳፍና በእግር ቆዳ ሥር ያሉ ደም ሥሮች ይሰፋሉ። ትኩስ ደም ወደዚያ ይጎርፋል፣ ሙቀቱም ወደ አየሩ ይሄዳል። እንቅልፍ የመጣበት ሕፃን እጅ ይዛችሁ ከሆነ ያንን ሙቀት ታውቁታላችሁ። የስዊዘርላንዷ ባዝል ተመራማሪዎች በ1999 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው። ሰው ቶሎ እንቅልፍ እንደሚወስደው ከሁሉ በላይ የጠቆማቸው ምልክት የእጅና የእግር መሞቅ ነበር።

ታዲያ ክፍሉ ይቀዝቅዝ ወይስ እግር ይሙቅ? ሁለቱም። እግር ከበረደው ደም ሥሮቹ ይጠባሉ፣ የሙቀቱ መውጫ ይዘጋል፣ ውስጡ ሙቀቱን እንደያዘ ይቀራል። እግሩ የበረደው ሰው አልጋ ላይ ሲገላበጥ የሚያመሸው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ግን የቤቱን ሙቀት መጨመር አይደለም፤ ካልሲ ነው። ሙቅ ሻወርም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ከመተኛት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ በሚሆን ውኃ መታጠብ ደሙን ወደ ቆዳ ይስበዋል። ከሻወር ስትወጡ ሙቀቱ ይበተናል፣ የውስጥ አካል ቶሎ ይቀዘቅዛል። በቀጥታ ከሻወር ወደ አልጋ መግባት ግን ለዚህ ጊዜ አይሰጥም።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። የምንተኛው ክፍሉ ውስጥ ሳይሆን ብርድ ልብሱ ሥር ነው። በቆዳችንና በአልጋ ልብሱ መካከል ያለው አየር፣ ተመችቶን ስንተኛ፣ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ይሆናል። ክፍሉ 17 ይሁን 19፣ ሰውነት የሚፈልገው ያቺን ትንሽ ጎጆ ነው። የክፍሉ ሥራ ትርፉን ሙቀት መቀበል ነው። ክፍሉ ቀዝቀዝ ካለ እግርን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ፣ ወይም ትከሻን ገለጥ አድርጎ ሙቀቱን መጣል ይቻላል። ክፍሉ ከሞቀ ግን የሚጣልበት ቦታ የለም። ብርድ የመታው ሰው ይደርባል፤ የሞቀው ሰው ግን ሁሉን አውልቆ ከጨረሰ በኋላ ምን ያደርጋል?

ችግሩ ከሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ይብሳል። ሕልም በብዛት የምናይበት የእንቅልፍ ክፍል የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። በዚያ እንቅልፍ ውስጥ ሰውነት የራሱን ሙቀት መቆጣጠሩን ላላ ያደርጋል። በወጉ አያልብም፣ በወጉም አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ የክፍሉ ሙቀት ያለ ተከላካይ ይደርስብናል፣ ሰውነትም ራሱን ለማዳን ይነቃል። ይህን ማወቅ ለምርመራ ይጠቅማል። ምሽት ላይ እንቅልፍ እምቢ የሚላችሁ ከሆነ መጀመሪያ እግራችሁን ጠርጥሩ። ቶሎ ተኝታችሁ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ በላብ የምትነቁ ከሆነ ደግሞ ክፍሉ ወይም አልጋ ልብሱ ከመጠን በላይ ሞቋል ማለት ነው። ተኝታችሁ ሳለ ማሞቂያው ሳትሰሙት ተነስቶ ሊሆን ይችላል።

እና ቁጥሩ?

ብርድ ልብስ ለብሶ ለሚተኛ ጤናማ ጎልማሳ በተለምዶ የሚመከረው ከ16 እስከ 19 ዲግሪ ነው። መሣሪያችሁ በፋራናይት የሚያነብ ከሆነ ከ60 እስከ 67 ማለት ነው። እኔ ከየት ልጀምር ለሚለኝ ሰው 18 እላለሁ፣ ይህም 64 ፋራናይት ነው። ምክንያት አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤት መመሪያ በብርድ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 እንዳይወርድ ይመክራል። ከዚያ በታች ሲሆን የደም ግፊትና የመተንፈሻ አካል ችግር ያለበት ሰው ይጎዳል።

ለአረጋውያን ግን 18 አይበቃም። አቅመ ደካማ ሰው ሙቀት የማመንጨት አቅሙም፣ ብርዱን ቶሎ የመለየት ስሜቱም ይቀንሳል። በ2023 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በአረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት የተሻለ እንቅልፍ ያገኘው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ክፍል ነው። ከ25 ወደ 30 ሲወጣ እንቅልፋቸው ተበላሽቷል። ስለዚህ እናት ወይም አባት አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ የእናንተን 18 በእነሱ ክፍል ላይ አትጫኑት። ሕፃን ሲሆን ደግሞ ስጋቱ ወደ ሌላው ወገን ነው። ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ከመጠን በላይ መሞቅ በእንቅልፍ ላይ ለሚደርስ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት አጋላጭ ነው። የሕፃንን ሙቀት በእጁ አትለኩ፣ እጁ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ደረቱን ወይም ማጅራቱን ዳብሱ። ካላበው አንድ ልብስ አውልቁለት።

«መልሶ ማሞቁ ይበልጣል» የሚባለው

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። ማሞቂያን ሌሊት ዝቅ እናድርግ ሲባል ሁልጊዜ አንድ መልስ ይመጣል። «ቤቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ጠዋት መልሶ ማሞቁ ከተቆጠበው በላይ ይበላል።» እኔም ለዓመታት አምኜበት ነበር። ጠዋት ላይ ቦይለሩ እንደ አውሮፕላን ሲያጓራ ለሰማ ሰው ማመን ቀላል ነው። ግን ስህተት ነው።

ሥሩ የተበሳ በርሜል አስቡ። ውኃው በሞላ ቁጥር ከታች የሚፈሰው ይበረታል። ጎደል ሲል ፍሳሹም ይቀንሳል። ቤትም እንዲሁ ነው። ሙቀት በግድግዳ፣ በመስኮትና በጣሪያ ያለማቋረጥ ይወጣል። የሚወጣው መጠን የሚወሰነው በውስጥና በውጭ ባለው የዲግሪ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሲጠብ ፍሳሹ ይጠባል። ማሞቂያው የሚሠራው ደግሞ የፈሰሰውን ለመተካት ብቻ ነው።

በአንድ ቤት ላይ እናስላው። ውጭው 1 ዲግሪ ነው እንበል፣ ውስጡ 21። ልዩነቱ 20 ነው። ቤቱ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 200 ዋት ያፈሳል እንበል፤ ይህ መጠነኛ የሙቀት መከላከያ ላለው ቤት የሚያስገርም አይደለም። 200 በ20 ሲባዛ 4,000 ዋት፣ ማለትም በየሰዓቱ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ያለው 9 ሰዓት ነው። ቴርሞስታቱን ሳንነካ ብናድር 36 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይፈጃል።

አሁን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ወደ 17 እናውርደው። ማሞቂያው ወዲያው ይጠፋል። ቤቱ ግን ወዲያው አይቀዘቅዝም። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ዕቃው ሁሉ ሙቀት ይዟል። ያንን እየለቀቀ ወደ 17 ለመውረድ ይህ ቤት 3 ሰዓት ይፈጅበታል። በእነዚህ 3 ሰዓቶች የፈጀነው ዜሮ ነው። ከዚያ ለ5 ሰዓት በ17 ዲግሪ ይቆያል። ልዩነቱ 16 ስለሆነ ፍሳሹ በሰዓት 3.2 ነው፤ በ5 ሰዓት 16 ኪሎዋት ሰዓት። ንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ማሞቂያው ተነስቶ በአንድ ሰዓት ወደ 21 ይመልሰዋል። በዚያች ሰዓት ሁለት ሥራ አለበት። ግድግዳውና ዕቃው የለቀቁትን 10.8 ኪሎዋት ሰዓት ይመልሳል፣ በሰዓቱ የሚፈሰውን 3.6 ደግሞ ይተካል። አንድ ላይ 14.4 ይሆናል። ያ ነው የሚያጓራው።

ድምሩ 16 ሲደመር 14.4፣ 30.4 ነው። ከ36 ላይ 5.6 ኪሎዋት ሰዓት ተርፏል። ጠዋት የተመለሰው 10.8 አዲስ ወጪ አይደለም። ማታ ቤቱ ከራሱ አውጥቶ ያበደረን ነው፤ ጠዋት መለስንለት፣ ያለ ወለድ። ትርፉ የመጣው በመካከል ባሉት ሰዓታት ፍሳሹ ስለቀነሰ ነው።

5.6 ከ24 ሰዓቱ ፍጆታ፣ ማለትም ከ96 ኪሎዋት ሰዓት፣ ወደ 6 በመቶ ይጠጋል። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ከሚለውም ብዙም አይርቅም። እሱ እንደሚለው በቀን ለ8 ሰዓት ከ4 እስከ 5.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ማድረግ (በሙቀት ወቅት ደግሞ ከፍ ማድረግ) በዓመት ከማሞቂያና ማቀዝቀዣ ወጪ እስከ 10 በመቶ ያተርፋል። «እስከ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ።

ምክንያቱም ቤት ሁሉ አንድ አይደለም። በደንብ የታሸገ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ማሞቂያው ጠፍቶ እንኳ 1 ዲግሪ ብቻ ሊወርድ ይችላል። እንዲህ ያለው ቤት ሲጀመርም ብዙ ስለማያፈስ ዝቅ ማድረጉ የሚያተርፈው ትንሽ ነው። በነፋስ የሚያፈስ አሮጌ ቤት ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ትርፉም ይበዛል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማሞቂያውን ምሽት ላይ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሲነጋ ከመነሳቱ በፊት ስንት ላይ እንደደረሰ እዩ። 20 ላይ ካገኛችሁት ለእንቅልፉ ስትሉ ምሽቱን ቀደም ብላችሁ ዝቅ ማድረግ ይኖርባችኋል። ያለበለዚያ ክፍሉ 18 ሳይደርስ ይነጋል።

ሂት ፓምፕ ከሆነ ቆም በሉ

ከላይ ያልኩት በጋዝ ቦይለር ወይም በተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለሚሞቅ ቤት ነው። ሂት ፓምፕ ሌላ ፍጥረት ነው። ተገልብጦ እንደሚሠራ ኤሲ ከውጭ አየር ሙቀት እየሰበሰበ ወደ ቤት ያስገባል። ለዚህም ነው 1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ወስዶ 3 ያህል ሙቀት የሚሰጠው። ግን ቀስ ብሎ መሥራት ነው የሚወደው። ጠዋት ላይ ድንገት 4 ዲግሪ አምጣ ስትሉት አቅም ያጥረዋል። ብዙዎቹ ያን ጊዜ አብሯቸው የተገጠመውን የኤሌክትሪክ ረዳት ማሞቂያ ይቀሰቅሳሉ። ያኛው 1 ወስዶ 1 ነው የሚሰጠው።

በዚያው ቤት እናስላው። ሳንነካው ብናድር የ36 ኪሎዋት ሰዓቱ ሙቀት ለሂት ፓምፑ 12 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ነው። ዝቅ ካደረግነው የሌሊቱ 16 ወደ 5.3 ይመጣል፣ ጥሩ ነው። ጠዋት ግን 14.4 በአንድ ሰዓት ይፈለጋል። ሂት ፓምፑ በሰዓት 5 ብቻ ማምጣት ቢችል እሱ 1.7 ይወስዳል፣ የቀረውን 9.4 ረዳቱ ቀጥታ ይበላል። ድምሩ 16.4 ሆነ። ቆጠብን ብለን አንድ ሦስተኛ ያህል ጨመርን።

ይህ መሆኑን የምታውቁት ጠዋት ስክሪኑ ላይ AUX ወይም AUX HEAT የሚል ጽሑፍ ሲበራ ነው። EM HEAT የሚለውን ደግሞ በእጃችሁ አትምረጡት፤ እሱ ፓምፑን አጥፍቶ በረዳቱ ብቻ የሚያሞቅ፣ ለብልሽት ጊዜ የተቀመጠ ነው። ሂት ፓምፕ ያለው ሰው ከ1 ወይም 2 ዲግሪ በላይ ባያወርድ ይሻለዋል። ጠዋትም በአንድ ሰዓት ሳይሆን በሁለት ሦስት ሰዓት ቀስ ብሎ እንዲመለስ ፕሮግራም ያድርገው። አንዳንድ ቴርሞስታቶች ይህንን ራሳቸው ያውቁበታል።

አንድ ተጨማሪ ገደብ እርጥበት ነው። አየር ሲቀዘቅዝ የያዘው እንፋሎት ይከብደዋል። ጠዋት የመስኮቱ መስታወት ከውስጥ ውኃ ካቆረ፣ ወይም ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ከጠቆረ፣ ያ ክፍል ለእርጥበቱ ከሚገባው በላይ ቀዝቅዟል። ሁለት ሰው በር ዘግቶ ሲያድር ከትንፋሽ ብቻ ብዙ እንፋሎት ይወጣል። ጠዋት መስኮቱን ለ10 ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈት እንፋሎቱን ያስወጣል። ግድግዳው በዚያች ጊዜ ስለማይቀዘቅዝ ኪሳራው ትንሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ገርበብ አድርጎ መተው ነው የሚያከስረው።

ወበቁ ሲመጣ

በሙቀት ወቅት ነገሩ ይገለበጣል። ኤሲን እንደ ማሞቂያው ሌሊት «ለቁጠባ» ብታጠፉት የምታጡት እንቅልፋችሁን ነው። መቆጠብ ያለበት ማንም ቤት በሌለበት ቀን ነው። ሌሊት ላይ ደግሞ ጥያቄው ምን ያህል ቅዝቃዜ ይበቃናል ነው።

እዚህ የዲግሪ ዋጋ ከብርዱ ጊዜ ይበልጣል። ለምን ቢባል ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ። ሌሊት ውጭው 29 ቢሆንና ኤሲውን 21 ላይ ብታደርጉት ልዩነቱ 8 ነው። 25 ላይ ብታደርጉት 4። የሚገባው ሙቀት በግማሽ ቀነሰ። በብርዱ ምሳሌያችን ያው 4 ዲግሪ የቀነሰው አንድ አምስተኛ ብቻ ነበር። በእውነተኛ ቤት ግማሽ ላይሞላ ይችላል፣ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ይለቃል፣ ኤሲውም እርጥበት ማድረቅ አለበት። ቢሆንም ከ21 ወደ 25 መውጣት በቆጣሪው ላይ ወዲያው ይታያል።

ግን በ25 ይተኛል ወይ? በብርድ ልብስ አይተኛም። በአንድ ስስ አንሶላና በፋን ግን ብዙ ሰው ይተኛል። ፋን ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ ሰውየውን ነው የሚያቀዘቅዘው። ቆዳችን ላይ የተጠጋውን ሞቃት አየር ይገፋል፣ ላቡን ያደርቃል። በዚህ ምክንያት ኤሲውን 2 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ያንኑ ምቾት ማግኘት ይቻላል። ፋን የሚበላው ብዙ ጊዜ 50 ዋት አካባቢ ነው፣ የመኝታ ቤት ኤሲ ኮምፕረሰሩ ሲሠራ ወደ 1,000 ይጠጋል። ሰው በሌለበት ክፍል ፋን ከፍቶ መሄድ ግን ከንቱ ነው፤ እንዲያውም የሞተሩን ሙቀት ይጨምራል። አየሩ ራሱ ከ40 ዲግሪ በላይ ከሆነም ፋን አይረዳም፣ ትኩስ አየር እየነፋ ሰውነትን ያሞቃል።

ስለዚህ ለሙቀት ወቅት ሌሊት የኔ መነሻ 25 ወይም 26 ከፋን ጋር ነው፣ በፋራናይት 77 ወይም 79። ካልተኛችሁ በየሌሊቱ አንድ አንድ ዲግሪ አውርዱ። 18 አድርጎ ወፍራም ብርድ ልብስ ውስጥ መግባት የተመቻቸው ሰዎች አውቃለሁ፤ ይተኛሉ፣ አይካድም። ግን የከፈሉበትን ቅዝቃዜ በብርድ ልብስ እየተከላከሉት ነው።

«ቶሎ እንዲቀዘቅዝ 16 ላይ ላድርገው» የሚለውም አይሠራም። ተራው ኤሲ 16 ብትሉትም 25 ብትሉትም የሚነፋው ቅዝቃዜ አንድ ነው። ቁጥሩ የሚነግረው የት ላይ እንደሚቆም ብቻ ነው። ኢንቨርተር የሆነው ትንሽ ይለያል፣ ልዩነቱ ሲሰፋ ፍጥነቱን ይጨምራል። እሱም ቢሆን 16 ብላችሁት እንቅልፍ ከወሰዳችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በብርድ ትነቃላችሁ።

ቁጥሩ 24 እያለ ክፍሉ የሚጨንቅ ከሆነ ችግሩ ሙቀት ሳይሆን ወበቅ ነው። እርጥበት ሲበዛ ላብ አይደርቅም። ኤሲ እርጥበት የሚያወጣው ኮምፕረሰሩ ሲሠራ፣ ውኃው በቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ጤዛ ሆኖ ሲወርድ ነው። ለክፍሉ ከመጠን በላይ ትልቅ የሆነ ኤሲ በ5 ደቂቃ ቁጥሩ ላይ ደርሶ ይጠፋል፣ ለማድረቅ ጊዜ አያገኝም። ክፍሉ ቀዝቃዛና የሚያጣብቅ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን DRY የሚለውን ሞክሩ። ማዕከላዊ ኤሲ ያለው ቤት ደግሞ የፋኑ ቁልፍ ON ሳይሆን AUTO ላይ ይሁን። ON ላይ ከሆነ ኮምፕረሰሩ ከጠፋ በኋላም ነፋሱ ይቀጥልና ቱቦው ላይ የቀረውን ውኃ መልሶ ወደ ቤት ያስገባዋል። ፊልተሩንም እዩት። በአቧራ የተደፈነን ፊልተር መቀየር ወይም ማጠብ ብቻውን ከ5 እስከ 15 በመቶ የኤሲውን ፍጆታ ሊቀንስ ይችላል።

በሪሞቱ ላይ ያለው SLEEP የሚለው ቁልፍ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። በብዙዎቹ ኤሲዎች ከተኛችሁ በኋላ በየሰዓቱ 1 ዲግሪ ያህል እየጨመረ ሁለት ዲግሪ ላይ ያቆማል። ምሽት ላይ፣ ሰውነት ሙቀት መጣል ሲፈልግ፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ንጋት፣ ሰውነት ዝቅታው ላይ ሲደርስ፣ ከፍ ይላል። ከላይ ካየነው የሰውነት አካሄድ ጋር ይስማማል፤ ኃይልም ይቆጥባል። ሌሊት ውጭው ከቤቱ የሚቀዘቅዝና እርጥበት የሌለበት ከሆነ ደግሞ ኤሲውን ጨርሶ አጥፍታችሁ ትይዩ ያሉ ሁለት መስኮቶችን ክፈቱ። ፀሐይ ሳትበረታ ዝጉ፣ መጋረጃውንም ሳቡ።

ቁጥሩን ማን ነው የሚለካው?

የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ቴርሞስታቱ የሚያነበው የተሰቀለበትን ግድግዳ እንጂ ትራሳችሁን አይደለም። ብዙ ጊዜ ያለው ኮሪደር ወይም ሳሎን ነው። መኝታ ቤቱ በሩ ተዘግቶ ሲያድር፣ ሁለት ሰው ሲተነፍስበት፣ ከኮሪደሩ 2 ወይም 3 ዲግሪ ሊለይ ይችላል። ትንሽ ቴርሞሜትር ከትራስ ከፍታ ላይ፣ ከመስኮትና ከማሞቂያ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ስትተኙና ስትነቁ አንብቡት። መኝታ ቤቱን 18 ለማድረስ ኮሪደሩ 16 መባል ካለበት ይባል። ፕሮግራም ስታደርጉ ሰዓቱን አትሳቱ፤ የኛ ምሽቱ 4 ሰዓት መሣሪያው ላይ 10:00 PM ነው። 4:00 PM ብሎ ሞልቶ ቤቱ ከቀትር በኋላ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ሳምንት ሙሉ ግራ የገባው ሰው አውቃለሁ። ራሴ ነኝ።

ያ በጨለማ ቴርሞስታት የሚዳብሰው ሰው ግን እስካሁን አልተመለሰለትም። አብራችሁ የምትተኙ ሁለት ሰዎች አንዳችሁ ብርድ የሚፈራ ከሆነ አንድ ክፍል ሁለት ቁጥር ሊኖረው አይችልም። አንድ አልጋ ግን ሁለት ብርድ ልብስ ሊኖረው ይችላል። ክፍሉን ለሚሞቀው ሰው አድርጉት፣ 18 ይሁን። ለሚበርደው ወፍራሙን ብርድ ልብስና ካልሲ፣ ለሚሞቀው ስሱን ስጡ።